ድንኳን ሲጣል ይቆማል

አንድ የውጭ አገር ሰው በኅዳር ብርድ በራችን ላይ ቆሞ ላቀረበልኝ ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ከሰጠሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ነገሩ ግን እስካሁን ከውስጤ አልወጣም። ሰውየው የጓሳን ጭላዳ ለማየት የመጣ ነበር። መኪናው በመንገድ ላይ ተበላሽቶ መሐል ሜዳ የደረሰው ከመሸ በኋላ ስለሆነ፣ ሾፌሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ መምህር እኔ ብቻ ነበርኩና ወደ ቤታችን ይዞት መጣ። እንግዳው እጁን እያፋተገ፣ በትሕትና «ካን ዩ ፑት ሚ አፕ ፎር ቱ ናይትስ?» አለኝ። እኔም ለአንድ አፍታ አሰብኩና፣ ትክክለኛውን ፍሬዛል ቨርብ፣ ማለትም ግሥ ከአጭር ተከታይ ቃል ጋር ተጣምሮ የሚሰጠውን አባባል፣ በማስታወሴ ኩራት እየተሰማኝ፣ «የስ፣ አይ ካን ፑት አፕ ዊዝ ዩ» ብዬ መለስኩለት።

እርሱ የጠየቀኝ «ሁለት ሌሊት ልታሳድረኝ ትችላለህ?» ብሎ ነው። የእኔ መልስ ግን «አዎ፣ እችልሃለሁ፤ እታገሥሃለሁ» የሚል ነበር። ለማያውቁት እንግዳ ደጃፍ ላይ የማይባል ነገር ቢኖር ይህ ነው። እንግዳው ጥቂት ዝም ካለ በኋላ ፈገግ ብሎ፣ ላለማስቸገር እንደሚሞክር ነገረኝ። እኔ ይህን እንደ ጨዋ ሰው ምስጋና ቆጠርኩት። እንግሊዝኛ የማትችለው እናቴ ግን ጥያቄውን ከፊቱ አንብባው ኖሮ፣ ንግግራችን ሳያልቅ ባናውን ከሣጥን አውጥታ አልጋውን ታነጥፍ ነበር።

ስሕተቴ የገባኝ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ከእንቅልፌ ባንኜ፣ በስልኬ መብራት የድሮ ደብተሬን ገለጥኩ። ከገጹ ግርጌ ሁለቱ ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ «ፑት አፕ» ማሳደር፣ ከሥሩ ደግሞ «ፑት አፕ ዊዝ» መታገሥ። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የተናገርኩትን መመለስ አልቻልኩም፤ ያሳደረብኝ ጥያቄ ግን ከኀፍረቱ ይበልጥ ነበር። ሁለቱንም በገዛ እጄ ጽፌያቸዋለሁ፣ ደጋግሜም አንብቤያቸዋለሁ፤ ታዲያ በሚያስፈልገኝ ሰዓት እንዴት አንዱ በሌላው ቦታ ሊመጣብኝ ቻለ?

በ«ኤ» ጀምሮ በ«ሲ» የሚያልቅ ደብተር

ያ ደብተር የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ላይ የገለበጥኩት ነው። ከአራት መቶ የሚበልጡ ፍሬዛል ቨርቦች በኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ቅደም ተከተል ተደርድረውበት፣ ከእያንዳንዳቸው ትይዩ አንድ የአማርኛ ቃል ተጽፏል። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ «ዘንድሮስ እጨርሰዋለሁ» ብዬ ከመጀመሪያው ገጽ እነሣለሁ፤ መስከረም ሲጠባ «ሲ» ላይ ወይም «ዲ» መግቢያ ላይ ያገኘኛል። በዚህ የተነሣ «አባይድ ባይ»፣ «አካውንት ፎር» እና «ባክ ዳውን» የሚባሉትን እንደ ጸሎት እወጣቸዋለሁ፤ ሰዎች በየደቂቃው የሚናገሯቸው «ጌት»፣ «ጎ»፣ «ፑት»፣ «ቴክ» እና «ተርን» ግን በፊደል ተራ ወደ ኋላ ስለሚቀሩ በፈተና ዋዜማ ብቻ የማያቸው ሩቅ ዘመዶች ሆነው ቀሩ።

የዚህን ጉዳት መጠን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። ጋርድነር እና ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ መቶ ሚሊዮን ያህል ቃላት የያዘውን የብሪታኒያ ብሔራዊ የጽሑፍና የንግግር ክምችት መርምረው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት፣ 20 ግሦች ከ8 ተከታይ ቃላት ጋር እየተጣመሩ በክምችቱ ውስጥ ከሚገኙት ፍሬዛል ቨርቦች ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን እንደሚሸፍኑ አሳይተዋል። «ፑት» ከእነዚህ ሃያዎቹ አንዱ ነው። «አባይድ» ግን በመካከላቸው የለም። የፊደል ተራ የትኛው ቃል ዘወትር እንደሚያስፈልግ አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ትኩስ ጉልበቴን በየዓመቱ ለእርሱ አስረክብ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ ይሞግተኝ ይሆናል። በፊደል ተራም ቢሆን እኮ በ«ፑት» የሚጀምሩት ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ፤ ታዲያ ምን ጎደለ? ሙግቱ ትክክል ነው፤ እኔም በዚያች ሌሊት ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። በእኔም ደብተር ላይ አሥራ አራቱ ጎን ለጎን ነበሩ፤ ከ«ፑት አክሮስ» ተነሥተው በ«ፑት አፕ ዊዝ» ያበቃሉ። ነገር ግን ጎን ለጎን መቀመጥ መዛመድ አይደለም፤ በአውቶቡስ ውስጥ አንድ ወንበር የተጋሩ ሁለት ሰዎች ቤተሰብ እንደማይባሉ ሁሉ። ዝርዝሩ «ፑት» ራሱ ምን እንደሚል አንድም ቦታ ላይ አይናገርም፤ እያንዳንዱን ጥንድ እንደ አንድ የማይፈታ ቃል ወስዶ በአንድ የአማርኛ ፍቺ ይዘጋዋል። ስለዚህ «ፑት አፕ» እና «ፑት አፕ ዊዝ» በአእምሮዬ ውስጥ የሚለያቸው ምንም ነገር አልነበረም፤ የሚያመሳስላቸው ድምፅ ብቻ ነበር።

የእንግዳው ደብተር

መልሱን ያገኘሁት ካላሰብኩት ቦታ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ቅንጬ እየበላን ሳለ፣ እናቴ በመስኮት እያየች «ለተዝካሩ ድንኳን እየጣሉ ነው» አለች። እንግዳው አማርኛ በመማር ላይ ነበርና ቃሉን ሰምቶ ቶሎ ብሎ ተነሣ፤ የጎረቤት ድንኳን የወደቀ መስሎት ሊያግዝ ፈልጎ እንደነበር ኋላ ነግሮናል። በመስኮቱ ሲመለከት ግን ሰዎቹ ምሰሶውን አቁመው ሸራውን ወደ ላይ እየወጠሩ ነው። ግራ ተጋብቶ ወደ እናቴ ዞረ።

«እማማ፣ ድንኳኑ እኮ ቆመ። ለምን ‹ጣሉ› ይላሉ?»

እናቴ ሣቀች። «ድንኳን ሲጣል ነዋ የሚቆመው፣ ልጄ!»

እንግዳው ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ዓይኔን ጣል ሳደርግ የገጹ አናት ላይ «ጣለ» የሚል ቃል በላቲን ፊደል ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ ከየሰዉ አፍ የለቀመው ተዘርዝሯል። ዝናብ ጣለ፤ ዶሮዋ እንቁላል ጣለች፤ እቁብ ጣልኩ፤ ዕጣ ጣሉ፤ መሠረት ጣሉ፤ ተስፋውን በልጁ ላይ ጣለ። አሁን ደግሞ ድንኳን ተጨመረ። በገጹ መካከል ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ቀስት ሥሎ፣ ከአብዛኞቹ ጋር በመስመር አገናኝቶታል። ዝናቡም፣ እንቁላሉም፣ የእቁቡም ገንዘብ፣ መሠረቱም ከላይ ወደ ታች ይሄዳሉ፤ ተስፋም እንደ ሸክም በሌላ ሰው ላይ ታርፋለች። ድንኳኑን ግን ከቀስቱ ጋር ማገናኘት ስላቃተው አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ተወው።

እኔ በዚህ ቋንቋ ተወልጄ እነዚህን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ አይቻቸው አላውቅም ነበር። ይህ ሰው አማርኛን ከ«ሀ» ጀምሮ ቢቆጥር ኖሮ «እቁብ ጣለ» የሚለውን ከ«እቁብ» ሥር፣ «ዝናብ ጣለ» የሚለውን ከ«ዝናብ» ሥር በተናጠል ያገኛቸው ነበር፤ በመካከላቸው ያለውን አንድ እንቅስቃሴም አያይም ነበር። በዚያ ላይ የማይገባውን ያለ ኀፍረት በጥያቄ ምልክት ትቶታል። የእኔ ደብተር አንድም የጥያቄ ምልክት የለውም፤ ሁሉም ነገር የታወቀ ይመስላል።

አንዱን ገጽ ስሠራ

እንግዳው ከሄደ በኋላ ለ«ፑት» ብቻ አንድ ገጽ ሰጠሁ። መጀመሪያ የጻፍኩት የግሡን የራሱን ትርጉም ነው፤ አንድን ነገር ወስዶ አንድ ቦታ ላይ ማድረግ። ተከታዩ ቃል ደግሞ ያ ነገር የት እንደሚደርስ ወይም ወዴት እንደሚሄድ ይነግራል። «ኦን» ሲሆን በላይ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ በርኖስን በትከሻ ላይ ማድረግ፣ ማለትም መልበስ፣ «ፑት ኦን» ይሆናል፤ ሰው በሰውነቱ ላይ ሥጋ ሲጨምርም «ፑት ኦን ዌይት» ይባላል። «ኦፍ» መለየትንና መራቅን ያሳያል፤ ስብሰባን ከተቀጠረበት ቀን አንሥቶ ወደ ፊት ማራቅ፣ ማለትም ማስተላለፍ፣ «ፑት ኦፍ» ነው። «አውት» ከውስጥ ወደ ውጭ መውጣትን፣ ከዚያም አልፎ መጥፋትንና ማለቅን ይነግራል፤ እሳትን ማጥፋት «ፑት አውት» የሚባለው በዚህ ነው። «አዌይ» ሲሆን ዕቃው ከፊት ተነሥቶ ወደ ማስቀመጫው ይመለሳል፤ እናቴ ባናውን ወደ ሣጥኑ ስትመልስ «ፑት አዌይ» አደረገችው።

ቀጥሎ ያስቸገረኝ «አፕ» ነበር። ትርጉሙ ወደ ላይ ነውና ማስታወቂያን ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ አጥርንና ድንኳንን ማቆም «ፑት አፕ» መባላቸው ግልጽ ነው። እዚህ ላይ ብቻዬን ሣቅሁ፤ አማርኛ የሚጥለውን ድንኳን እንግሊዝኛ ያነሣዋል። እንግዳን ማሳደርንም ከዚያው ከድንኳኑ ጋር አሰርኩት፤ ለሰው ከራሱ በላይ ጣራ ማድረግ ብዬ ያዝኩት። የቃሉ ታሪክ ይህ ነው አልልም፤ ቃሉን ከሌሎቹ ጋር አጣብቆ የሚይዝልኝ የራሴ ሙጫ ነው። «ፑት አፕ ዊዝ» ግን በዚህ ሙጫ አልያዝ አለኝ፤ ከማንሣትና ከማስቀመጥ ተነሥቶ ወደ መታገሥ የሚያደርስ አሳማኝ መንገድ ማግኘት ስላልቻልኩ፣ እንደ እንግዳው የጥያቄ ምልክት አድርጌ ለብቻው በገጹ ጥግ አስቀመጥኩት። በመነሻ ግሥ ማሰባሰብ ሁሉንም ነገር ይፈታል የሚል ሰው ካለ አልስማማም። ጥቅሙ አብዛኞቹን በአንድ ክር ይዞ፣ በቃል ብቻ የሚያዙት ጥቂቶች የትኞቹ እንደሆኑ ለይቶ ማሳየቱ ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ሳስቀምጣቸው፣ በራችን ላይ ሊያድነኝ ይችል የነበረውን ነገርም አየሁት። እንግዳው «ፑት ሚ አፕ» ነበር ያለው፤ «እኔን» የሚለው ቃል በግሡና በተከታዩ መካከል ገብቷል። «ፑት አፕ ዊዝ» ግን በምንም መንገድ አይከፈልም፤ የሚታገሡት ነገር ሁልጊዜ ከ«ዊዝ» በኋላ ይመጣል። ስለዚህ መካከሉ ተከፍቶ ሰው ከገባበት፣ «ዊዝ»ም ካልተሰማ፣ ነገሩ ስለ ትዕግሥት ሊሆን አይችልም። ሰዋስዉ ጆሮዬ ሥር ጮኾ ነበር፤ እኔ ግን ዝርዝሩ ላይ የተጻፈውን ፍቺ እያሰስኩ አልሰማሁትም።

ይህ የመካከል ነገር ለ«ፑት» ቤተሰብ አብዛኛው ክፍል የሚሠራ ስለሆነ አንድ ጊዜ መማር ይበቃል። ስብሰባው በስሙ ከተጠራ «ፑት ኦፍ ዘ ሚቲንግ» ማለትም፣ «ፑት ዘ ሚቲንግ ኦፍ» ማለትም ይቻላል። «እርሱን» በሚል ተውላጠ ስም ከተተካ ግን ቦታው መካከል ብቻ ነው፤ «ፑት ኢት ኦፍ» እንጂ «ፑት ኦፍ ኢት» አይባልም። በፊደል ተራ ስማር ይህን ሕግ ለየቃሉ እንደ አዲስ ነገር ማጥናት ነበረብኝ። በዚያ ላይ «ፑት» በኃላፊ ጊዜም መልኩን የማይለውጥ ግሥ በመሆኑ፣ አንዴ ያወቁት እርባታ ለመላው ገጽ ያገለግላል።

ክፍል ውስጥ የከሸፈው

በራሴ ላይ የሠራውን ይዤ ወደ አሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሄድኩ፤ እዚያ ግን በችኮላዬ ተቀጣሁ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ስምንት የ«ፑት» ቅርንጫፎችን ሰሌዳ ላይ ሣልኩላቸው። ሁሉም ገባን አሉ፤ ሥዕሉም ያምር ነበር። በሳምንቱ ትንሽ ፈተና ስሰጣቸው ስብሰባውን እንደ እሳት ያጠፉት፣ እሳቱን ደግሞ ወደ ሐሙስ ያስተላለፉት ጥቂት አልነበሩም። አንዱ ተማሪ ጠዋት ውሻውን ቤት ትቶ ወደ ትምህርት ቤት መምጣቱን ሊጽፍ ፈልጎ «ፑት ዳውን» ብሎ ነበር፤ የታመመን ውሻ በመርፌ መግደልም በዚሁ ቃል እንደሚገለጽ ስነግረው፣ ምስኪን፣ በጣም ደነገጠ።

በሁለት እግሬ ሁለት ዛፍ ልውጣ ማለቴ ነበር። በአንድ መነሻ ግሥ የተሰበሰቡ ቃላት ከፊታቸው ያለው ግማሽ አንድ ነው፤ የሚለያቸው አጭሩ ጭራ ብቻ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን የተማረ ሰው ጭራዎቹን ያቀያይራል። በተለይ «ኦፍ» እና «አውት» ለእኛ ጆሮ ስለሚቀራረቡ፣ ሁለቱም ደግሞ አንድን ነገር ከፊት የማስወገድ ስሜት ስላላቸው ክፉኛ ይደባለቃሉ። አሁን በሳምንት ከሦስት አላስበልጥም፤ የምመርጣቸውም የማይመሳሰሉትን ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ለ«ኦን»፣ ለ«አዌይ» እና ለ«ኦፍ» ነው። «አውት» የሚመጣው «ኦፍ» ከተያዘ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ነው፤ «አፕ» በሦስተኛው፤ «ፑት አፕ ዊዝ» ደግሞ ከሁሉም ኋላ፣ ለብቻው።

መያዙን የማውቀውም በሌላ መንገድ ነው። «ፑት ኦፍ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ እኔም በዚያች ምሽት ይህን ብጠየቅ መልሱን አላጣም ነበር። ስለዚህ ነገሩን በአማርኛ አቀርብላቸዋለሁ። «ዕድር ነገ ነበር፤ ነገር ግን የሰብሳቢው ወንድም ስለሞተ ለሚቀጥለው እሑድ ተባለ። ለእንግሊዛዊ ጓደኛህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረው።» ተማሪው ተከታዩን ቃል ሳይደናቀፍ ካወጣ፣ «እርሱን» የሚለውንም መካከል ካስገባ ይዞታል። «ፑት» ብሎ ቆሞ ዓይኑ ወደ ጣራ ከሄደ ደግሞ ገና ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ አልጨምርለትም።

ሌላው ወጥመድ ግምት ነው። ተማሪ የገጹን አመክንዮ ሲረዳ ይደፍራል፤ መድፈሩ መልካም ሆኖ ሳለ ቋንቋው ሁልጊዜ አይከተለውም። «ፑት ኦን» መልበስ ከሆነ «ፑት ኦፍ» ማውለቅ መሆን አለበት ብለው «ጫማዬን ፑት ኦፍ አደረግሁ» የሚሉኝ በየዓመቱ አሉ። በዛሬው እንግሊዝኛ ማውለቅ «ቴክ ኦፍ» ነው፤ ተቃራኒው የተቀመጠው በሌላ ግሥ ገጽ ላይ ነው። ስለዚህ በ«ፑት» ገጽ ላይ ከ«ኦን» አጠገብ ወደ «ቴክ» የሚያመለክት ቀስት እናደርጋለን። እነዚህ ከገጽ ወደ ገጽ የሚሻገሩ ቀስቶች በሁለተኛው መንፈቅ ሲበዙ፣ ደብተሩ መልኩ እየተበላሸ ይሄዳል። ይህን የማይወዱ ንጹሕ ተማሪዎች አሉኝ፤ ገጹን ቀደው እንደገና ይገለብጣሉ። እኔም እንደዚያ ነበርኩና አልቆጣቸውም።

ባለፈው ግንቦት እንግዳው መልእክት ላከልኝ። በክረምት ሊመጣ አስቦ የነበረውን ጉዞ እስከ ጥቅምት «ፑት ኦፍ» እንዳደረገው፣ ሲመጣም እንደገና «ፑት አፕ» ልናደርገው እንችል እንደሆነ ጠይቋል። ሁለቱንም በአንድ ንባብ ተረዳኋቸው። «ዊ ዊል ፑት ዩ አፕ» ብዬ ስጽፍ «ዩ» በመካከል መግባቷን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ፤ ባናውም ሣጥኑ ውስጥ እንደሚጠብቀው ጨመርኩለት። እርሱም በምላሹ አንድ ነገር እንደከበደው ጻፈልኝ፦ እቁብ ሲከፈል «ይጣላል»፣ ሲደርስ ግን «ይወጣል»፤ ታዲያ ይህን ከ«ጣለ» ገጽ ላይ ያስቀምጠው ወይስ አዲስ ገጽ ይክፈት? ለ«ወጣ» አዲስ ገጽ እንዲከፍትና ከ«ጣለ» ወደዚያ ቀስት እንዲያደርግ መከርኩት፤ ፀሐይም፣ ስምም፣ ዕጣም፣ ጥርስም እዚያ እንደሚጠብቁት እያሰብኩ።